የእረፍት ወረቀት መቼ ይግባ?

(የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ቃሊቲ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ነው፤ እንደተነገረ ለማቆየት ተሞክሯል።)

እንደምን ዋላችሁ? ኋላ ያላችሁት ትሰሙኛላችሁ? ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ማይኩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ዓድዋ ነው። ልባችሁ ቤት እንደገባ አውቃለሁ። ክርስቲያኑ ጾም ላይ ነው፣ ሙስሊሙም ጾም ላይ ነው። ስለዚህ ሻይ እንኳን አቅርበን አንሸነግላችሁም። አንድ ሰዓት ተሰጥቶኛል፤ ባላደርሰው ደስ ይለኛል።

የመጣሁት ስለ ፈቃድ ልነግራችሁ ነው። የፈቃድ ዓይነቱን አይደለም። እሱን ሥራ ስትጀምሩ ተነግሯችኋል፣ ወረቀቱም እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀቱ ከመሄጃው ቀን ስንት ቀን ቀድሞ ይግባ? ለአንድ ቀን ስንት? ለሁለት ሳምንት ስንት? በዚህ ወር ብቻ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ካለቀሱት አብዛኞቹ ቀን ተከልክለው አይደለም። ዘግይተው ነው።

በቅድሚያ የራሴን ልናገር። ብዙዎቻችሁ እኔን ቢሮ ውስጥ የተወለድኩ ታስመስሉኛላችሁ። እኔ የጀመርኩት ማሽን ላይ ነው። እጅጌ ነበር የምሰፋው። ስሙን በማልጠራው ሌላ ፋብሪካ፣ ዓመት ከስድስት ወር ሠርቼ ሳለ፣ ደሴ ያለችው እህቴ ልታገባ ሆነ። ሽማግሌ ከተላከ ሁለት ወር አልፎታል። ቀኑ ተቆርጧል። ድንኳኑ ሳይቀር ተይዟል። እኔ ግን ወረቀት ያስገባሁት መቼ ነው? ሠርጉ እሁድ ነው፤ አርብ መሄድ አለብኝ፤ ያስገባሁት ረቡዕ ከሰዓት ነው!

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን አየና «ሰው የለኝም» አለኝ። እኔ ደግሞ ትኬት ቆርጫለሁ። ላምበረት ሄጄ ቆርጫለሁ! ምን ላድርግ? ሄድኩ። ጨፈርኩ። ማክሰኞ ስመለስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ።

ያኔ በጣም ተናደድኩ። «ለእህት ሠርግ እንኳን!» አልኩ። ዓመታት ቆይቶ እኔ ራሴ ይህን ወንበር ስይዝ ነው የገባኝ። ያን ሳምንት ከዚያው መስመር ሌሎች ሁለት ልጆችም ጠይቀው ነበር። እነሱ ቀድመውኛል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን እውነቱን ልናገር፣ እሱም ጥፋት ነበረበት። ከወር በፊት «እህቴ ልታገባ ነው» ብዬ ነግሬዋለሁ። «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎኛል። «ወረቀት አስገቢ» አላለኝም። እኔም በቃል የነገርኩት የተመዘገበ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ተሞኘን። ከሁለታችን ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ግን ለእኔ ብቻ ነው።

እሺ። አሁን ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ አስቀድሞ ለአሠሪው ያሳውቅ ይላል። ማስረጃ ሲጠየቅም ያቅርብ ይላል። «አስቀድሞ» ማለት ስንት ቀን ነው? አዋጁ ቁጥር አልጻፈም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «ሕጉ 15 ቀን ይላል» የሚሉኝ አሉ። አይልም። ቁጥሩ የሚገኘው በየድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ዱከም ያለ ፋብሪካ ቢሠራና «እኛ ጋ አንድ ሳምንት ይበቃል» ቢላችሁ፣ ለእሱ ልክ ነው። ለእናንተ ግን የእኛ ደንብ ነው የሚሠራው።

የእኛስ ደንብ? ለአንድና ለሁለት ቀን 3 የሥራ ቀን ቀድሞ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ለሚሆን 10 የሥራ ቀን ቀድሞ። ከዚያ በላይ ለሆነ 30 ቀን ቀድሞ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ቁጥሩን መሸምደድ ብዙም አይጠቅማችሁም። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካወቃችሁ ነው የማይዛባባችሁ።

ለምንድነው? አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እናንተ ስትቀሩ ማሽናችሁ ላይ ማን ይቀመጣል? ያ ሰው እስኪዘጋጅ ስንት ቀን ይወስዳል? መልሱ እሱ ነው። የቅድሚያ ቀን የሚቆጠረው ለቦታችሁ ሰው ለማዘጋጀት በሚፈጀው ጊዜ ነው። ለአንድ ቀን ከሆነ ተዘዋዋሪ ልጆች አሉን፤ ኪስም ይሰፋሉ፣ ጎንም ይሰፋሉ፣ እንደ ነገሩ ያዘግማሉ። አንድ ቀን እንደ ነገሩ ቢሆን ችግር የለም። ለሁለት ሳምንት ግን እንደ ነገሩ አይሆንም።

ከአጭሩ ልጀምር።

የአንድ ቀን ፈቃድ ለምን ትጠይቃላችሁ? ወረዳ መታወቂያ ለማሳደስ። ፋይዳ ለመመዝገብ። የልጅ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ። ቤት ሲቀየር። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ውኃና መብራት ቢሮ ስትሄዱ። እነዚህ ሁሉ የሚታወቅ ቀን ያላቸው ናቸው። ወይም እናንተ የምትመርጡት ቀን ነው።

እንግዲህ 3 የሥራ ቀን እንዴት ይቆጠራል? ማክሰኞ መቅረት የምትፈልግ ሴት ሐሙስ ታስገባለች። አርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ፤ ሦስት ሙሉ ቀን በመካከል አለ። እሁድ አይቆጠርም። ቅዳሜ አስገብታ «እሁድ፣ ሰኞ… ደረሰ» ካለች አልደረሰም። በዓል ከገባበትም በዓሉ አይቆጠርም። ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል? ሰኞ ዓድዋ ነው። ዛሬ ወረቀት ያስገባ ሰው ሦስቱ ቀን የሚሞላለት መቼ ነው? ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ስለዚህ አርብ ነው የሚቀረው። «ቅዳሜ አስገብቼ ለረቡዕ ለምን ተከለከልኩ?» የሚል ሰው ማክሰኞ በሬ ላይ እንደሚቆም ከወዲሁ አውቃለሁ። ይኸው ነገርኳችሁ።

አንድ ነገር ግን ላክል። ሱፐርቫይዘሮቻችሁ የሚቀጥለውን ሳምንት የሰው ድልድል የሚሠሩት አርብ ከሰዓት ነው። ይህ ደንቡ ላይ አልተጻፈም። ግን እውነተኛው ቀን እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የትኛውም ቀን የምትቀሩ ከሆነ፣ ወረቀታችሁ ሐሙስ ማታ ጠረጴዛቸው ላይ ቢሆን አይጎዳችሁም። አርብ ለመቅረት ሰኞ ማስገባት ደንቡን ያሟላል። ግን ድልድሉ ተሠርቷል። ተዘዋዋሪዋ ልጅ ለሌላ ተሰጥታለች። ያኔ «ደንቡን አሟልቼ ለምን?» ብትሉ እውነት አላችሁ፣ እኔም እደግፋችኋለሁ፤ ግን ሰው ከየት ይምጣ?

ደግሞ ወረዳ ለመሄድ አንድ ቀን ብቻ አትጠይቁ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» መባሉን ታውቁታላችሁ። ሁለት ቀን ጠይቁ፤ በመጀመሪያው ካለቀ ተመለሱና ሥሩ፤ ቀኑ ይመለስላችኋል። አንድ ቀን ጠይቆ በሁለተኛው መቅረት ግን ያለ ፈቃድ መቅረት ነው።

እሺ፣ ወደ ረጅሙ ልሂድ። ዋናው ነገሬ ይኸ ነው።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። እዚህ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ከበዓል ጋር አያይዛችሁ ነው የምትወስዱት። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለቁልቢ፣ ለመስቀል ጉራጌ። ጥሩ ነው። ግን ሁላችሁም አንድ ቀን ትፈልጋላችሁ።

አሁን አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ባለታሪኳ እዚህ ተቀምጣለች፤ ፈቅዳልኛለች። ስም አልጠራም። ፊቷን አትፈልጉ! ተዋት!

ይህች ልጅ ኮሌታ ነው የምትገጥመው። ኮሌታ መግጠም ማንም ተነስቶ የሚሠራው አይደለም፤ ታውቃላችሁ። ጎን መስፋት ቀጥ ያለ ነው። ኮሌታ ክብ ነው፣ ጨርቁ ይሸሻል፣ ጫፍና ጫፉ ካልገጠመ ይፈታል። እሷ ከሌለች ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ከእሷ በፊት ያሉት ደግሞ ይከምሩባታል።

ለጥምቀት ጎንደር መሄድ ፈለገች። 10 የሥራ ቀን። ከሐሙስ ጥር 7 ጀምሮ። እስቲ አብረን እንቁጠር። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ፤ ሦስት ቀን። እሁድ አይቆጠርም። ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከፈቃዷ አይቀነስም። ከማክሰኞ ጥር 12 እስከ ቅዳሜ 16 አምስት ቀን። ስምንት ሆነ። እሁድ እረፍት። ሰኞ 18 እና ማክሰኞ 19። አሥር ሞላ። ረቡዕ ጥር 20 ሥራ ትገባለች። አያችሁ? 10 ቀን ጠይቃ 13 ቀን አገኘች። ብልህ ናት።

ከአምስት ቀን በላይ ስለሆነ 30 ቀን ቀድማ ማስገባት አለባት። ይህን መቁጠር በእኛ አቆጣጠር እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ወራችን ሁሉ 30 ቀን ነው። ጥር 7 ከሆነ ታኅሣሥ 7። አለቀ። ጣት መቁጠር የለም። አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጳጉሜን የምታቋርጡ ከሆነ። ለምሳሌ ከመስከረም 7 ጀምሮ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው፣ ጳጉሜ 5 ቀን ስትሆን፣ 30 ቀኑ ነሐሴ 12 ላይ ነው የሚሞላው። ነሐሴ 7 ካስገባ ምንም ችግር የለም፣ አምስት ቀን ተረፈው። ዘግይታችሁ ለምትሮጡት ግን ጳጉሜ ትንሽ ትታደጋችኋለች።

ልጅቷ ታኅሣሥ 6 አስገባች። አንድ ቀን ተርፏታል። ጎበዝ! ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ከዚያ በፊት ግን 30 ቀኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቆያል ብሎ ነው የሚያስበው። መጀመሪያ እኛ ጋ ቀሪ ቀኗን እናያለን። ስንት ተጠቅማለች? ስንት ቀራት? ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ በዚያ ሳምንት የጠየቁ ሌሎች መኖራቸውን ያያል። ከዚያ ምትክ ይመረጣል። ምትኳ አጠገቧ ትቀመጣለች። እኔ እስካየሁት፣ ጎን ስትሰፋ የቆየች ልጅ ኮሌታ ለመግጠም ሁለት ሳምንት ያህል ትፈልጋለች። ፈጣን አትሆንም፤ ግን መስመሩ አይቆምም። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ፣ ከዚያ በቀን ጥቂት፣ ከዚያ ብቻዋን። አሁን ደምሩት። ለማየትና ለመወሰን አንድ ሳምንት፣ ምትክ ለማሠልጠን ሁለት ሳምንት፣ ለሚበላሸው ነገር አንድ ሳምንት። 30 ቀኑ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

የሚበላሸውስ ምን ነበር? ቅጹ ላይ ቀኑን «7/5» ብላ ጻፈች። ጥር አምስተኛ ወራችን ነው፣ ሰባተኛ ቀን፤ ትክክል ናት። ግን የምርት ዕቅድ የሚያወጣው ሰው የውጭ አገር ሰው ነው። እሱ ያነበበው ምን ብሎ መሰላችሁ? በፈረንጅ ሜይ 7! «ገና ብዙ ወር አለ» ብሎ ወረቀቱን ለብቻ አስቀመጠው። ጥር 7 በፈረንጅ ጃንዋሪ 15 እንደሆነ ማን ይንገረው?

እሷ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ጥር 3 ቀን እሁድ ሻንጣ ስታዘጋጅ፣ «ለመሆኑ ተፈቅዶልኛል እንዴ?» ብላ አሰበች። ሰኞ መጣች። ፈለግን። ወረቀቱ አለ። ውሳኔ የለበትም። ምትክ አልሠለጠነችም። ሦስት ቀን ነው የቀረው።

ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ ነው? ቀድማ አስገብታለች። የእኛ ነው፤ ቅጹን ስንቀበል ማየት ነበረብን። እኔ ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር ሥራ አስኪያጁም እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቢሆንም ጥፋቱ የእኛ ነው። ግን ጥፋቱ የእኛ መሆኑ ኮሌታውን አይገጥምም።

ምን አደረግን? ተደራደርን። ለሁለት ከፈልነው። ሐሙስና አርብ ሠራች፣ ምትኳን እያሳየች። ከቅዳሜ ጥር 9 ጀምራ ወጣች። ቅዳሜ፣ ከዚያ ከ12 እስከ 16፣ ስድስት የሥራ ቀን። ሰኞ 18 ገባች። ጥምቀትን ጎንደር አደረሰች። ቀሪዋ 4 ቀን አልጠፋም፤ ተመዝግቦላታል። መስመሩ ግን ያን ሳምንት ተንገዳገደ። የምርመራ ክፍል ልጆች ስንት ኮሌታ እንደመለሱ እነሱው ይንገሯችሁ።

ከዚህ ወዲህ ሦስት ነገር ቀይረናል። አንደኛ፣ ቅጹ ላይ ወሩ በቁጥር አይጻፍም። «ጥር» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። አጠገቡ በፈረንጅ የሚሞላው የእኛ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ቅጹ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ፣ ቀን ጽፎ ይመልስላችኋል። እሱን እጃችሁ ላይ ያዙ። ሦስተኛ፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው፦ አጭር ፈቃድ በማግስቱ፣ ረጅም ፈቃድ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠዋል። በጽሑፍ። «እናያለን» መልስ አይደለም። እምቢ ከሆነ እምቢ በሉ፤ ልጅቷ ሌላ ቀን ትመርጥ።

እናንተም አንድ ነገር ያዙልኝ። ማስገባት ማለት መፈቀድ ማለት አይደለም። ማስገባት ማለት መፈቀድ ማለት አይደለም! ሁለቴ ያልኩት እኔ ደሴ ስለሄድኩ ነው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ሰባት ቀን ካለፈና መልስ ከሌለ፣ የተፈረመውን ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ትኬት ከዚያ በኋላ ቁረጡ። ያለ ፈቃድ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረን ሰው አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊያሰናብት እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። አምስት ቀን። አንድ ሠርግና አንድ ክርስትና ነው።

በጣም ቀድሞ ማስገባትስ? ይህን የጠየቀኝ አለ። «እትዬ፣ ለመስከረም ከአሁኑ ላስገባ?» አለኝ። አስገባ፤ ግን በሌላ መንገድ። በየዓመቱ የፈቃድ ፕሮግራም ይወጣል፤ አዋጁም የሠራተኛውን ፍላጎትና የሥራውን ሁኔታ ያገናዘበ ፕሮግራም ይውጣ ይላል። እዚያ ላይ ስምህን አስገባ። ቅጹን ግን በ40 እና በ35 ቀን መካከል ስጠኝ። ከስድስት ወር በፊት የገባ ቅጽ ምን ይሆናል? ሱፐርቫይዘር ይቀየራል፣ ትእዛዝ ይቀየራል፣ ወረቀቱ ሌላ ወረቀት ሥር ይገባል። ያኔ አንተ «አስገብቻለሁ» ትላለህ፣ እኔ አላየሁትም እላለሁ።

ስለ እናቶች ትንሽ ልበል። ይህ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ከመውለጃ ቀን በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፤ 120 ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ምትክ ማሠልጠን ብቻ አይበቃም፤ ሰው መቅጠር ሊያስፈልግ ይችላል። ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ ሥልጠና። ስለዚህ ሐኪም የመውለጃውን ቀን እንደነገራችሁ ንገሩን። ከመውጫችሁ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ቢቀድም ጥሩ ነው። ለምን እንደምትደብቁ አውቃለሁ። «ካወቁ ያባርሩኛል» ትላላችሁ። ሴት በእርግዝናዋ ምክንያት አትባረርም፤ እርጉዝ ሳለችና ከወለደች እስከ አራት ወር ውልዋን ማቋረጥ ክልክል ነው። ከወገቧ መቀነት አጥብቃ እስከ ሰባተኛ ወር የደበቀች ልጅ ነበረች፤ ብረት ማሞቂያው ጋ ቆማ ስትተኩስ። ቀድማ ነግራን ቢሆን ቁጭ ብላ የምትሠራው ቦታ ነበረ።

ሦስተኛው ጉዳይ፣ የማይታወቀው ነው። አጠር ላድርገው።

ሕመምና ሞት ቀን አይቆርጡም። ለእነሱ ቀድማችሁ አስገቡ የሚል የለም። ከታመማችሁ፣ ለማሳወቅ የማትችሉ ካልሆነ በስተቀር፣ በማግስቱ አሳውቁ። በስልክ ይበቃል፤ ባለቤትም ጎረቤትም ሊደውል ይችላል። የሐኪም ወረቀቱን ስትመለሱ ታመጣላችሁ። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ሲሞት ደግሞ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር አለ። ሂዱና ቅበሩ፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

የዕድር ጎረቤት ግን ዘመድ አይደለም። ይከፋኛል ይህን ስናገር፤ ቃሊቲ ውስጥ ጎረቤት ከዘመድ እንደሚበልጥ እኔም አውቃለሁ። ግን የሐዘን ፈቃዱ ውስጥ አይገባም። ከዓመት ፈቃዳችሁ ይቀነሳል። ያኔ ሦስት ቀን ቀድማችሁ አስገቡ አንላችሁም፤ ጠዋት ደውሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ይፈቅዳል። ሱፐርቫይዘሮች፣ ሰምታችኋል?

ለራስ ሠርግም 3 የሥራ ቀን አለ። ይህ ግን ድንገተኛ አይደለም! ባለፈው «ነገ ላገባ ነው» ያለኝ ልጅ አለ። እንዴት ነው ነገ የምታገባው? ሽማግሌው ዛሬ ነው የሄደው? ሳቁበት፣ ያውቃችኋል።

አሁን ጥያቄ ካለ። እጅ አወጣሽ? እሺ። ጮክ በይ።

«ዒድ በጨረቃ ነው የሚወሰነው። ወሎ መሄድ እፈልጋለሁ። ቀኑ ሳይታወቅ እንዴት ቀድሜ አስገባለሁ?»

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ዒድ አልፈጥር መጋቢት 11 አካባቢ ይጠበቃል፤ በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል። ስንት ቀን ነው የምትፈልጊው? አራት? አራት ከሆነ 10 የሥራ ቀን ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጨረቃን አትጠብቂ። የሚጠበቀውን ቀን ጻፊና ከሥሩ «እንደ ጨረቃው በአንድ ቀን ሊቀየር ይችላል» ብለሽ አክዪበት። ምትክሽን ለሁለቱም ቀን እንይዛታለን። ጨረቃዋ ስትታይ በስልክ ታረጋግጪልናለሽ። የዒዱ ዕለት የሕዝብ በዓል ነው፤ ከአራቱ አይቀነስም። ግን የሥራ ቀን ነው የምንቆጥረው፤ እሁድና ዓድዋ አይገቡም። ከማክሰኞ መጋቢት 8 ጀምሮ ከሆነ የምትሄጂው፣ አሥሩ ቀን ከዛሬ አይሞላም፤ ዘግይተሻል። ቆጥሬልሻለሁ፦ ዛሬ ካስገባሽ በመካከል አሥር ሙሉ የሥራ ቀን የሚሞላው አርብ መጋቢት 4 ነው፤ ከቅዳሜ መጋቢት 5 ጀምሮ መውጣት ትችያለሽ። አልዘገየሽም ማለት ነው! ይቅርታ፣ ከአፌ ቀድሞ ወጣ። ዛሬ፣ አሁን፣ ከዚህ ስትወጪ አስገቢ። ማክሰኞ ካስገባሽም ለማክሰኞው ይደርሳል፤ ግን ለምን ትጠብቂያለሽ?

ሌላ? እዚያ ጋ፣ ወንድሜ።

«ለፋሲካስ?»

ፋሲካ ሚያዝያ 4 እሁድ ነው። ስቅለት አርብ ሚያዝያ 2 በዓል ነው። ብዙዎቻችሁ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ጀምራችሁ መውጣት ትፈልጋላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ከአምስት ቀን በላይ የሚወስድ ሰው ወረቀቱ እስከ መጋቢት 1 ይግባ። ወር ከወር፣ አንድ ከአንድ። ዛሬ የካቲት 21 ነው። 10 ቀን አላችሁ። ከአንድ መስመር በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚወጣው፤ ለሁለቱም ምትክ ማሠልጠን የምንችለው እስከዚያ ስለሆነ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይታያል። ሁለት እኩል ቀን ከገቡ ባለፈው ፋሲካ ያልወጣው ይቀድማል።

ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ሰርቪሱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል።